መተካት ወይስ ማስወገድ? ከስሌቱ በፊት ቁጥሮቹን ማየት

ሁለት የማይታወቁ ቁጥሮች ያሉባቸውን ጥንድ እኩልታዎች ለመፍታት ተማሪዎች ሁለት መንገድ ይማራሉ፦ ሰብስቲትዩሽን (መተካት) እና ኤሊሚኔሽን (ማስወገድ)። ብዙዎች አንዱን ይለምዱና ለሁሉም ጥያቄ እሱኑ ይጠቀማሉ። ሁለቱም ትክክለኛውን መልስ ይሰጣሉ፤ የሚለያዩት በሚወስዱት ጊዜና በሚጋብዙት ስህተት ነው።

በመልመጃ ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ነው እንበል፦

y = 2x − 3
3x + 2y = 22

እዚህ y ብቻዋን ቆማለች። በሁለተኛው እኩልታ በ y ቦታ 2x − 3 ስናስገባ 3x + 4x − 6 = 22 ይሆናል፤ x = 4፣ y = 5። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ከመተካት የሚፈጥን የለም። አንዷ ፊደል ብቻዋን ባትቆምም እንኳ የሚያባዛት ቁጥር 1 ወይም −1 ከሆነ ያው ነው።

ሁለተኛው ግን ይለያል። ሦስት ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ 210 ብር፣ አምስት ደብተርና ሦስት እስክሪብቶ ደግሞ 340 ብር ከሆነ፦

3x + 2y = 210
5x + 3y = 340

y ን ለብቻዋ ለማውጣት ብንሞክር (210 − 3x)/2 የሚል ክፍልፋይ ይመጣል። በማስወገድ ግን የመጀመሪያውን በ 3፣ ሁለተኛውን በ 2 እናባዛለን፤ 9x + 6y = 630 እና 10x + 6y = 680 እናገኛለን። ሲቀናነሱ x = 50፣ ከዚያም y = 30። ደብተሩ 50፣ እስክሪብቶው 30 ብር ነው።

በመተካት የሄደው ተማሪም ክፍልፋዩን ለማጥፋት በ 2 ሲያባዛ 10x + 630 − 9x = 680 ላይ ይደርሳል። ቁጥሮቹ እነዚያው ናቸው! ማስወገድ ክፍልፋዩ ከመፈጠሩ በፊት ያስቀረዋል እንጂ ሌላ ሒሳብ አይደለም።

የማስወገድ አደጋ መቀነሱ ላይ ነው። 4x + 3y = 18 እና 4x − 2y = 8 ሲቀናነሱ 3y − (−2y) = 5y ነው፤ ስለዚህ 5y = 10፣ y = 2፣ x = 3። ምልክቱን የዘነጋ y = 10 ይላል፣ ይህንንም በመጀመሪያው እኩልታ አስገብቶ x = −3 ያገኛል። በዚያው በመጀመሪያው ቢያረጋግጥ −12 + 30 = 18 ስለሚሆን ልክ ይመስለዋል፤ ስህተቱ የሚጋለጠው በሁለተኛው ነው፤ እዚያ 8 ሳይሆን −32 ይመጣል።

ስለዚህ ወላጆችም መምህራንም ልጆቹን ስታግዙ ከመጀመራቸው በፊት 1 ወይም −1 እንዲፈልጉ ንገሯቸው፦ ካለ ይተኩ፣ ከሌለ ያስወግዱ። ሲጨርሱም መልሱን፣ የመጨረሻዋን ፊደል ባላገኙበት እኩልታ ይፈትሹት።