መኪናው ዋጋው እየጨመረ ስለምን «አረጀ» ይባላል?

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋና ሐምሌ ላይ የነጋዴዎችን መዝገብ ማጠቃለል እንጀምራለን። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እህል፣ ድንች፣ ቢራና ለስላሳ የሚያመላልሱ የአይሱዙ ባለቤቶች በዚህ ወቅት አብዝተው የሚከራከሩኝ በአንዲት መስመር ላይ ነው፤ የእርጅና ቅናሽ በምትለዋ።

አንድ ነፋስ መውጫ ላይ የሚነግዱ አባት ነገሩን ከሁሉም በላይ አጥርተው ጠይቀውኛል። «ልጄ፣ ይህን ገንዘብ ለማን ከፈልሁት? ደረሰኙስ የታለ? ደግሞም መኪናዬ ዛሬ ቢሸጥ ከገዛሁበት በላይ ያወጣል። አንተ ግን በየዓመቱ አረጀ እያልህ ትጽፋለህ።» ጥያቄያቸው ሁለት ነው፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ለስሌት እንዲመች ቁጥሩን ላጠጋጋው። መኪናው ሐምሌ 1 ቀን በ2,000,000 ብር ተገዛ እንበል። ገንዘቡ በዚያው ቀን ከባንክ ወጥቷል። መኪናው ግን በአንድ ዓመት የሚያልቅ ዕቃ አይደለም፤ ለብዙ ዓመት ጭኖ ገቢ ያመጣል። ሁለቱን ሚሊዮን በመጀመሪያው ዓመት ወጪ ብንጽፈው ነጋዴው ያን ዓመት ከባድ ኪሳራ የደረሰበት ይመስላል፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ደግሞ መኪናውን በነፃ ያገኘው ያህል ትርፉ ያብጣል። ሁለቱም እውነት አይደሉም። ስለዚህ የግዢውን ዋጋ መኪናው በሚሠራባቸው ዓመታት ላይ እናከፋፍለዋለን። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410 ለእንዲህ ያለው ንብረት በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 15 ከመቶ ይፈቅዳል። በእኛ ምሳሌ 300,000 ብር ማለት ነው። ስድስት ዓመት እንዲሁ ይቀነስና በሰባተኛው የቀረው 200,000 ብር ያልቃል።

አሁን የአንዱን ዓመት ሥራ እንይ። መኪናው ከጭነት 1,500,000 ብር አስገባ። ለናፍጣ፣ ለሾፌርና ለረዳት፣ ለጎማ፣ ለጥገናና ለኢንሹራንስ 900,000 ብር ተከፈለ። እጅ ላይ የቀረው 600,000 ብር ነው። መዝገቡ ግን ከዚህ ላይ የእርጅናውን 300,000 ብር ቀንሶ ትርፉ 300,000 ብር ነው ይላል። ነጋዴው የባንክ ደብተሩን ከእኔ ወረቀት ጋር ሲያስተያይ ግማሹ የጠፋ ይመስለዋል። አልጠፋም። የእርጅናው ቅናሽ ዘንድሮ ለማንም አልተከፈለም፤ የተከፈለው በግዢው ቀን ነው። ለዚህም ነው የጥሬ ገንዘብ እንቅስቃሴ መግለጫ ስንሠራ ከትርፉ ተነሥተን እርጅናውን መልሰን የምንደምረው፤ 300,000 እና 300,000 ተደምሮ 600,000 ብር ይሆናል። መደመሩ የተቀነሰውን መመለስ ብቻ ነው፤ እርጅና በራሱ ገንዘብ አያመጣም።

እርጅና ጥሬ ገንዘብን የሚነካበት አንድ በር አለ፤ እሱም ግብር ነው። ግብር የሚሰላው ከቅናሹ በኋላ ባለው ትርፍ ላይ ነው። የዚህ ነጋዴ ገቢ ከፍተኛው 35 ከመቶ እርከን ውስጥ ስለሚገባ 300,000 ብር መቀነሱ 105,000 ብር ግብር ያስቀርለታል። ይህ በእርግጥ እጅ ላይ የሚቀር ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የማየው ጉዳት አለ። መኪና ሲሸጥና ሲገዛ ለስም ማዛወሪያው እንዲቀል ተብሎ በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ ይጻፋል። ሕገ ወጥነቱ ሳያንስ ገዢውን ለዓመታት ይጎዳዋል። ሁለት ሚሊዮን ከፍሎ ውሉ 1,200,000 ካለ፣ እኔ መቀነስ የምችለው ከ1,200,000 ላይ 180,000 ብር ብቻ ነው። በየዓመቱ 120,000 ብር ቅናሽ ያጣል፤ በ35 ከመቶ ሲሰላ 42,000 ብር ያለ አግባብ ይከፍላል። የሐምሌን ክርክር የሚያበዛው ብዙ ጊዜ ይህ ውል ነው።

በብድር የተገዛ መኪና ደግሞ ሌላ ነገር ያመጣል። ለባንክ ከሚከፈለው ውስጥ ወጪ ተብሎ የሚጻፈው ወለዱ ነው፤ ዋናው ዕዳ ከእጅ ይወጣል እንጂ ትርፍን አይቀንስም። ስለዚህ መዝገቡ አትራፊ የሚለው ሰው ባንኩ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ መመልከት ያለበትም ዋናውን ዕዳ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። መኪናው በገበያ ዋጋው እየጨመረ እንዴት አረጀ ይባላል? የእርጅና ቅናሽ መኪናው ዛሬ ስንት ያወጣል ለሚለው የሚሰጥ ግምት አይደለም። ትናንት የተከፈለውን ዋጋ የማከፋፈያ መንገድ ነው። አይሱዙው ድንች ጭኖ ከክምር ድንጋይ የጉናን ዳገት ሲወጣ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ወገዳ ወይም ወደ አርብ ገበያ ሲሄድ ሞተሩም ሻንሲውም ያልቃሉ፤ ባሌስትራና ፍሪሲዮን መቀየር ዕድሜውን ያቆይለታል እንጂ ወደ አዲስነቱ አይመልሰውም። የጨመረው የብሩ ቁጥር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መኪናም መለዋወጫም በዶላር ስለሚገባ አሮጌው መኪና ሳይቀር አብሮ ተወደደ።

ዋጋው መጨመሩ በመዝገብ ላይ የሚታየው መኪናው ሲሸጥ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ 900,000 ብር ተቀንሶለት መዝገቡ ላይ 1,100,000 ብር ይቀራል። በ2,600,000 ብር ቢሸጥ 1,500,000 ብሩ ትርፍ ሆኖ ግብር ይጠየቅበታል። ብዙዎች ለዚህ ሳይዘጋጁ የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ ለአዲሱ መኪና ቀብድና ክፍያ ያውሉታል።

እኔን ከሁለቱ ጥያቄዎች ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነገር ግን ከዚህ ይከተላል። እርጅናው ጥሬ ገንዘብ አላስወጣም ማለት 300,000 ብሩ የሚበላ ነው ማለት አይደለም። መዝገብ ላይ መቀነስ በባንክ ገንዘብ አያስቀምጥም። በየዓመቱ 600,000 ብሩን ሁሉ ለቤት፣ ለሠርግና ለሌላ ንግድ ያዋለ ሰው መኪናው ሲቆም መተኪያ የለውም፤ መዝገቡ ግን በየዓመቱ በትክክል ተዘግቷል። ይባስ ብሎ የመዝገቡን ቁጥር ሳያጓድል በየዓመቱ ያስቀመጠ ሰው እንኳ በሰባት ዓመት የሚያገኘው የገዛበትን 2,000,000 ብር ነው። በዚያን ጊዜ ተመሳሳዩ መኪና 4,000,000 ብር ቢሆን ግማሹን ብቻ ይሸፍንለታል። ግብር ሰብሳቢው የሚቀበለው ቅናሽ በተከፈለው ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የሚቀመጠው ከግብር የተረፈ ገንዘብ መሆን አለበት።

ስለዚህ አይሱዙ ላላችሁ ሁሉ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ሒሳባችሁን ስትዘጉ ተመሳሳይ መኪና በገበያ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቁ፤ እስካሁን ያስቀመጣችሁትንና አሮጌው መኪና የሚያወጣውን ከዚያ ላይ ቀንሱ፤ የቀረውን መኪናችሁ ይሠራል ብላችሁ በምታምኑባቸው ዓመታት አካፍሉ። የምታገኙት ቁጥር ከእኔ የእርጅና መስመር በልጦ ከተገኘ፣ ለልጆቻችሁ ወጪ ከማውጣታችሁ በፊት የሚቀመጠው እሱ ነው።