ከመርካቶ ወደ ደብረ ብርሃን፦ የጫማ ንግድ ትርፍ እንዴት ይሰላል?

ከአዲስ አበባ መርካቶ በጅምላ ገዝቶ በአነስተኛ ከተማ በችርቻሮ ለመሸጥ የሚያቅድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትርፉን የሚገምተው በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ በማየት ነው። ይሁን እንጂ አትራፊነቱን በዋናነት የሚወስነው ሳይሸጥ የሚቀረው ዕቃ መጠን ነው።

ለማሳያነት ያህል፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ደብረ ብርሃን የሕፃናት ጫማ ለመሸጥ ያሰበን ነጋዴ እንውሰድ። ነጋዴው 60 ጥንድ ጫማ እያንዳንዱን በ500 ብር ሂሳብ በ30,000 ብር ገዛ እንበል። የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የጭነት፣ የተሸካሚና የምግብ ወጪው በድምሩ 1,500 ብር ከሆነ፣ ጫማው ደብረ ብርሃን ሲደርስ የአንዱ ጥንድ ዋጋ 525 ብር ይሆናል። በ620 ብር ሲሸጥ ከአንድ ጥንድ የሚገኘው ትርፍ 95 ብር እንጂ 120 ብር አይደለም።

ሁሉም ቢሸጥ 5,700 ብር ይተርፋል። ሆኖም በጅምላ የሚሸጥ ጫማ ብዙውን ጊዜ የተለያየ ቁጥር ተሰባጥሮ የሚቀርብ ሲሆን፣ በብዛት የሚፈለጉት ቁጥሮች ቀድመው ያልቃሉ፤ በጣም ትንሹና በጣም ትልቁ ይቀራሉ። በዚህ ስሌት ነጋዴው ያወጣው 31,500 ብር ሙሉ በሙሉ የሚመለሰው 51ኛው ጥንድ ሲሸጥ ነው። 48 ጥንድ ሸጦ ቀሪውን 12 ጥንድ በ450 ብር ለመልቀቅ ቢገደድ ትርፉ ወደ 3,660 ብር ይወርዳል። የቤት ኪራይና ግብር የሚከፈለውም ከዚሁ ላይ ነው።

ዋጋ በመጨመር ይህን ጉድለት ማካካስ አስቸጋሪ ነው። ርቀቱ አጭር በመሆኑ ዋጋው ሲወደድ ብዙ የሚገዛ ደንበኛ ራሱ መርካቶ ሊሄድ ይችላል።

ስለሆነም ነጋዴው ከመግዛቱ በፊት ሊሸጥ ባሰበበት ከተማ የትኛው ቁጥር በብዛት እንደሚጠየቅ ማጣራት፣ የመጀመሪያውን ግዢ አነስተኛ ማድረግና ያልተሸጠውን በሌላ ቁጥር መለወጥ ይቻል እንደሆነ ከአከፋፋዩ ጋር አስቀድሞ መስማማት ይኖርበታል። ሲረከብም የግራና የቀኝ ጫማው ቁጥር አንድ መሆኑንና የሶሉን ማጣበቂያ መፈተሽ ይገባል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ከተመለሱ በኋላ ከሆነ ለመለወጥ የሚደረገው ጉዞ ትርፉን ይበላዋል።

በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ሥራው የጸና የንግድ ሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በግዢ ወቅት ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበልም አስፈላጊ ነው። ደረሰኙ በመንገድ ላይ ፍተሻ ሲያጋጥም የዕቃውን ምንጭ ለማስረዳት፣ ግብር ሲሰላም ወጪውን ለማረጋገጥ ያገለግላል።

ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ የተሸጠውንና የቀረውን በቁጥር ለይቶ መመዝገብ ደግሞ በሚቀጥለው ግዢ ምን ያህል፣ ከየትኛው ቁጥር እንደሚያዝ ያመለክታል።