ወስፋቱ ሲወቀስ መንጠቆ ትሉ ይረሳል

ልጅ ሲከሳና ሆዱ ሲነፋ ጥፋቱ ሁሉ ወስፋት ላይ ይደፈደፋል፤ ጣፋጭ አብዝቶ ነው የሚሉም አሉ። ወስፋት ከስኳር አይፈጠርም። የሚይዘን ሰገራ የነካው አፈር በእጅ ወይም ባልታጠበ አትክልት በኩል አፋችን ሲገባ፣ እንቁላሉን ስንውጥ ነው። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ አንጀትን በስቶ በደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ጉሮሮ ወጥቶ እንደገና ይዋጥና አንጀት ውስጥ ያድጋል። ወስፋት የልጁን ምግብ ይሻማዋል፣ ቫይታሚን ኤም በደንብ እንዳይገባው ያደርጋል። ቢሆንም ትልቅ ስለሆነ ከሰገራ ጋር ሲወጣ ይታያል፤ ወላጅም ደንግጦ መድኃኒት ይፈልጋል።

መንጠቆ ትልን ግን ማንም አያየውም። ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን አንጀቱን ነክሶ ይቀመጣል። እንቁላሉ ሞቃትና እርጥብ አፈር ላይ ይፈለፈላል፤ ከሳምንት ገደማ በኋላ እጩ ባዶ እግር ሲያገኝ በቆዳ ይገባል። ቡና ጥላ ሥር ወይም እንሰት ጓሮ ውስጥ ሲሮጥ የዋለ ልጅ በጣቶቹ መሐል ቢያሳክከው ይህ ሊሆን ይችላል። እጩ እንደ ወስፋቱ በሳንባ አልፎ አንጀት ይደርሳል። እዚያ የነከሰው ቦታ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ይረጫል፤ ቦታ ሲቀይርም የቀድሞው ቁስል መድማቱን ይቀጥላል።

በአገራችን በብዛት የሚገኘው ዓይነት አንዱ ትል በቀን የሚያፈሰው ደም 0.03 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ለብቻው ምንም አይመስልም። አንድ መቶ ትል ያለበትን 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እናስብ። በቀን 3፣ በወር 90 ሚሊ ሊትር ደም ያጣል። መላ ደሙ ግን ከአንድ ሊትር ብዙም አይበልጥም። ከፈሰሰው ብረት ከፊሉን አንጀቱ መልሶ ቢወስደውም፣ ሽሮና እንጀራ ብቻ የሚበላ ልጅ የቀረውን መተካት ይከብደዋል። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጣችሁ እዩት፤ መቅላት ሲገባው ይነጣል። መዳፉም እንደዚያው ነው። አፈር መብላት የጀመረ ልጅ ብዙ ጊዜ ብረት ያነሰው ነው፤ ወላጅ በዱላ ሲከለክለው አዝናለሁ። አፈሩ ደግሞ ወስፋቱን ይዞለት ይመጣል።

አንዲት እናት ወደምሠራበት ላቦራቶሪ የሰገራ ናሙና ይዛ መጣች።

«እህቴ፣ መቼ የወጣ ነው?»

«ትናንት ማታ፣ ጋሼ።»

ሌላ እንድታመጣ ለመንኳት። የቆየ ሰገራ ውስጥ የመንጠቆ ትል እንቁላል ሊፈለፈል ወይም ሊበላሽ ይችላል፤ ትኩስ ናሙና አምጡ ስንል ለማስቸገር አይደለም።

አልቤንዳዞል ወስፋትን በአንድ ጊዜ ያስወጣል። በመንጠቆ ትል ላይ ግን ያን ያህል ኃይል የለውም፤ ጥቂት ትል ሊያመልጥ ይችላል። የፈሰሰውን ደምም አይመልስም። ስለዚህ ዓይኑ የነጣ ልጅ ከክኒኑ በኋላ ሐኪም የሚያዝለትን የብረት መድኃኒት ለወራት መውሰድ አለበት፤ ፊቱ ወዝ አገኘ ብላችሁ በመሐል አታቋርጡበት።