«እናቴን ምን?»

ጀርመናዊው ወጣት አዲስ አበባ ከገባ ሰባተኛ ወሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት አማርኛ ይማራል፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ይጫወታል። አንድ እሁድ ከኳስ ጓደኞቹ አንዱ ቤቱ እራት ጠራው። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ዶሮ ተሠርቷል፤ አባት፣ እናትና ታናሽ እህት መሶቡን ከበዋል። እናትየዋ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው «በሞቴ!» እያሉ አጎረሱት።

አላምጦ ሲውጥ ፊቱ በራ። ሜዳ ላይ አንዱ ከሩቅ መትቶ ጎል ሲያገባ ልጆቹ በአንድ ድምፅ የሚጮኹት የአድናቆት ቃል አፉ ላይ መጣ። ቃሉ «እናትክን!» የሚል ነው። ግን ለትልቅ ሰው በ«አንተ» እንደማይነገር አስተማሪው ደጋግማ ነግራዋለች። ስለዚህ ቃሉን በአክብሮት አርብቶ፣ ወደ እናትየዋ ዞሮ፣ «እናትዎን!» አለ።

ጓደኛው እጁን ከመሶቡ መለሰ። እህቱ የምትጠጣው ውኃ ትን አላት። እናትየዋ ግን ፈገግታቸው አልጠፋም፤ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ ጠበቁና «እናቴን ምን?» ብለው ጠየቁት። ያረፉት እናታቸው መቼና የት እንደኖሩ ሊጠይቃቸው የፈለገ መስሏቸው ነበር። እሱም አነጋገሬ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ወደ ልጃቸው ዞረና፣ ሜዳ ላይ እንደሚባለው አድርጎ በጉልህ ደገመው። አሁን ያልገባው ሰው አልነበረም። አባት አቀረቀሩ፤ እናት «በስመ አብ!» አሉ።

ልጁ ያን ማታ የሠራው ስሕተት ከመዝገበ ቃላት የሚገኝ አይደለም። «እናት» ከቋንቋው ንጹሕ ቃላት ሁሉ ንጹሑ ነው። «ህ» ባለቤቱን ያሳያል፤ በንግግር «ክ» ይሆናል። «ን» ድርጊቱ ያረፈበትን ያመለክታል። ሦስቱም በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ወራት የሚታወቁ ናቸው፤ አንዳቸውም ነውር የለባቸውም። ነውሩ ያለው ሳይነገር በቀረው ግስ ላይ ነው። በአማርኛ ግስ የሚመጣው ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ «ን» የሰማ ጆሮ ተከታዩን ይጠብቃል። «እናትህን ሰላም በልልኝ» ቢባል መልካም ሰላምታ ነው፤ «እናትህን ገበያ አየኋት» ቢባልም ተራ ወሬ ነው። ተናጋሪው «ን» ላይ ጮኾ ካቆመ ግን የጎደለውን ግስ ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። የትኛው ግስ እንደሆነ አማርኛ አፉን የፈታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

እናትየዋ በመጀመሪያው ጊዜ ያልደነገጡትም ለዚሁ ነው። «እናትዎን» የሚል ስድብ ሰምተው አያውቁም። ይህ ስድብ የሚኖረው በእኩዮች መሐል፣ በ«አንተ»ና በ«አንቺ» ነው። አንቱታ ሲጨመርበት የተለመደው ቅርፁ ይፈርሳል፤ ጆሯቸውም የጎደለውን ግስ ከመሙላት ይልቅ እስኪመጣ ጠበቀ። እንግዳው አክብሮት ባይጨምር ኖሮ ገና ሲጀምር ይደነግጡ ነበር።

ቋንቋው ደግሞ ወጥመዱን ያጠበበው በሌላ በኩል ነው። የ«ን»ን ቦታ ትተን ፊት ላይ «በ» ብንጨምር «በእናትህ» ይሆናል፤ ሲነገር «በናትህ» ነው። ይህ ከአማርኛ ልመናዎች ሁሉ ልብ የሚያራራው ነው። ታክሲ ውስጥ «በናትህ ጠጋ በልልኝ» ሲባል፣ ሱቅ ውስጥ «በናትሽ ቀንሺልኝ» ሲባል ተማሪው በየቀኑ ይሰማል። እናት ከሌላው ሁሉ የከበረች ስለሆነች በእሷ ይለመናል፤ ሰውን ለማዋረድ የሚፈልግም ወደ እሷው ይሄዳል። በአንዱ ቃልና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት። የውጭ ሰው «በናትህ»ን ቀድሞ ከለመደ፣ «እናትክን» የዚያው ቃል ወንድም መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም።

ወጣቱን የመጀመሪያ ሰሞን ያስደነገጠው ሌላ ቃል ነበር። ለምሳ በተጋበዘበት ሁሉ «በሞቴ ብላ» ይሉታል፤ «አፈር ስሆን አንዴ ብቻ ጉረስ» ይሉታል። ቃል በቃል ለፈታው ሰው ስለ ሞትና ስለ መቃብር የሚወራበት ማዕድ ነው። እነዚህ ግን የፍቅር ቃላት መሆናቸውን ቶሎ ተረዳ፤ የሚሏቸው ሰዎች ፊት እየሳቀ፣ እጃቸው ጉርሻ ይዞ ነበርና። ሜዳ ላይ ያለውንም በዚሁ መንገድ ነው የመዘነው። የልጆቹ ፊት ይስቃል፤ ትከሻ ለትከሻ ይመታታሉ፤ ጎሉም ግሩም ነበር። ስለዚህ ቃሉ መልካም ቃል መሆን አለበት። አስተሳሰቡ ትክክል፣ ድምዳሜው የተሳሳተ ነበር።

እኛ ያን ቃል ስንሰማ ከማሰባችን በፊት ሰውነታችን ይቀድመናል። ይህ በሙከራም ታይቷል። ካትሪን ሃሪስ፣ አይሼ አይቺቼጊና ዣን በርኮ ግሌሰን በፈረንጆች 2003 ባሳተሙት ጥናት፣ አፋቸውን በቱርክኛ ፈትተው እንግሊዝኛን በኋላ የተማሩ ሰዎች ጣት ላይ መለኪያ አሰሩ። መለኪያው ሰው ሲደነግጥ የቆዳው እርጥበት የሚያመጣውን ጥቃቅን ለውጥ ይይዛል። ነውር ቃላትና ልጅ የሚቆጣባቸው አነጋገሮች በሁለቱም ቋንቋዎች ተሰሙ። በእናት ቋንቋ ሲሰሙ የቆዳው ምላሽ በረታ፤ ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ደግሞ በልጅነት ቁጣዎቹ ላይ ነበር። ከተሳታፊዎቹ አንዳንዶቹ ቁጣው ሲነበብላቸው የቤተሰባቸውን ድምፅ በልባቸው እንደሰሙ ተናግረዋል።

ጀርመናዊው ይህ ድምፅ የለውም። በአማርኛ «ነውር ነው! ሁለተኛ እንዳልሰማህ!» ተብሎ ጆሮውን የተቆነጠጠበት ቀን የለም። የቃሉን ትርጉም ቢነግሩትም ያውቀዋል እንጂ አይሰማውም። ስለዚህ የሚረዳው ነገር ትርጉሙ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ መቼ እንደሚጠፋ ማየት ነው። ጓደኛው ከእራቱ በኋላ ሲሸኘው ያስረዳውም ይህንኑ ነበር። «እናቴ በሜዳው ስታልፍ ማናችንም አንልም፤ አላየህም?» አለው። አላየም ነበር፤ ዓይኑ ኳሱ ላይ ነበር። «ለማታውቀው ሰው ብትለው ደግሞ ጠብ ነው» ብሎ ጨመረለት።

ይህ ማስጠንቀቂያ ከመጀመሪያው ሳምንት ሊነገረው ይገባ ነበር። የሰፈር ልጆች እንግዳ ሰው ስድብ ሲለምድ ደስ ይላቸዋል፤ ያስቃል፤ ከእነሱ እንደ አንዱ ያደርገዋል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ያ ሰው ብቻውን፣ ሌላ ሰው ቤት፣ ትልልቅ ሰዎች ፊት ነው።

እናትየዋ ያን ማታ አልተቆጡም። ድንጋጤያቸው ሲያልፍ «ልጄ፣ ይሄንን ከማን ሰማኸው?» ብለው ጠየቁና መልሱን ሳይጠብቁ የልጃቸውን ጆሮ ያዙ። ከዚያ ወጥ ያጣፈጠች ሴት ምን እንደምትባል አስተማሩት፦ «እጅሽ ይባረክ»፣ ለትልቅ ሰው ሲሆን «እጅዎ ይባረክ»። እሱም ሦስት ጊዜ ደገመው። በሦስተኛው «ባ» ላይ መጥበቅ ያለበት ድምፅ የቱ እንደሆነ እህትየዋ አረመችው።

ሁለተኛውን ጉርሻ ሲያቀርቡለት በእጁ ሆዱን ነካ አድርጎ፣ ቃሉን በጥንቃቄ መርጦ፣ «በእናትዎ፣ እማማ፣ ጠግቤያለሁ» አላቸው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እናትየዋ «አንድማ ያጣላል» ብለው ጉርሻውን ወደ አፉ አስጠጉ።