ስድስት ተኩል ተማሪ

ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ትናንት ማታ ወርክሺቷን አብረን ስንሠራ "አባዬ፣ በታክሲ የሚመጡት ስድስት ተኩል ናቸው" አለችኝ። ሳቄ መጣ። ወረቀቱን ደግሜ ሳየው ግን ስህተቷ ከየት እንደመጣ ገባኝ። የብዙዎቻችሁ ቤት ጣጣ ስለመሰለኝ ልጻፈው።

ወርክሺቱ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት በምን እንደሚመጡ ያሳያል፤ መጀመሪያ በሥዕላዊ ግራፍ፣ ከሥሩ ደግሞ በባር ግራፍ። በሥዕሉ "በእግር" ከሚለው ጎን 5 ክብ ፊቶች ተስለዋል። "ሰርቪስ" 4፣ "ባጃጅ" 1 አላቸው። "ታክሲ" ጋ 3 ሙሉ ፊትና አንድ ለሁለት የተቆረጠ ፊት አለ። ከታች በደቃቅ ጽሑፍ "አንድ ፊት = 2 ተማሪ" ይላል።

ልጄ ያቺን መስመር ሳታያት ፊቶቹን ብቻ ቆጥራ 5፣ 4፣ 1 ብላ ጻፈች። ለታክሲ የተቆረጠውን እንደ ሙሉ ወስዳ 4 አለች። ድምሩ 14 መጣ። ከላይ ግን "የክፍሉ ተማሪዎች 27 ናቸው" ተብሏል። "ሌሎቹ የት ገቡ?" ስላት ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች!

ያቺን ደቃቅ መስመር ጮክ ብላ እንድታነብ አደረግኩና እያንዳንዱን ፊት በጣቷ እየነካች በሁለት በሁለት ቆጠረች። በእግር 10፣ በሰርቪስ 8፣ በባጃጅ 2። የተቆረጠው ፊት የሁለት ግማሽ ነው፣ ስለዚህ አንድ ተማሪ ነው፤ ታክሲ 7 ሆነ። ድምሩ 27 ሲመጣ የጠፉት ተገኙ።

ችግሩ ባር ግራፉ ላይ ቀጠለ። በግራ በኩል ከታች ወደ ላይ 0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 ተጽፏል። የታክሲው ባር 6ን አልፎ 8 ሳይደርስ እኩል መሃል ላይ ይቆማል። ልጄ አሁን "ግማሽ" የሚለውን ስለተማረች "ስድስት ተኩል" አለች። ከ6 ወደ ቀጣዩ መስመር የሚወስደው እርምጃ አንድ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበረች። እዚህ ግን አንዱ እርምጃ ሁለት ነው፤ የሁለት ግማሽ ደግሞ አንድ። ስለዚህ 7። (ታክሲ ውስጥ ግማሽ ሰው የለም ብያት ነበር፤ እቅፍ ላይ የሚቀመጠውን ሕፃን ጠቀሰችልኝ።)

ስኬል ማለት ይኸው ነው፤ አንዱ እርምጃ ስንት እንደያዘ። ይህን በቃል ከማስረዳት ባለ ካሬ ደብተር ይሻላል። መጀመሪያ አንድ ካሬ ለአንድ ተማሪ ብለን የ"በእግር"ን ባር 10 ካሬ አስቀባኋት። ከዚያ አንድ ካሬ ለሁለት ተማሪ ብለን ከጎኑ ደገምነው፤ ባሩ 5 ካሬ ላይ አለቀ። "አጠረ! አምስቱ ሄዱ?" አለች። ማንም አልሄደም፤ በአንድ ካሬ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ገብተው ነው። ከዚያ በኋላ ባሩን ከማየቷ በፊት ዓይኗ ወደ ግራ ቁጥሮች መሄድ ጀመረ።

"በእግር የሚመጡት በታክሲ ከሚመጡት በስንት ይበልጣሉ?" የሚለው ጥያቄ ላይ መጀመሪያ 10 ብላ ጻፈች፤ ረጅሙን ባር አንብባ ማለት ነው። ማስመሪያ በታክሲው ባር አናት ላይ አግድም አስያዝኳትና ከማስመሪያው በላይ የቀረውን እንድትቆጥር አደረግኩ። ከ7 እስከ 8 አንድ፣ ከ8 እስከ 10 ሁለት፣ በጠቅላላው 3።

ራሷ ግራፍ ስትሠራ ደግሞ ቁጥሮቹን መስመሩ ላይ ሳይሆን ካሬው ውስጥ ጻፈች፤ ለ0 ቦታ አልተረፈም። ለልጅ ቀላል ነገር ይመስላል፣ መዘዙ ግን ብዙ ነው። የወርክሺቱ ባር ግራፍ ከ0 ሳይሆን ከ4 ቢጀምር በእግር የሚመጡት 6፣ በታክሲ የሚመጡት 3 ተማሪ የሚያህል ቁመት ይኖራቸዋል፤ ሲታይ እጥፍ ይመስላል። እውነቱ ግን 10 እና 7 ነው።

አሜሪካ ላላችሁ፦ ብዙ ክፍለ ግዛቶች የሚከተሉት ኮመን ኮር ሁለተኛ ክፍል ላይ አንድ እርምጃ አንድ የሆነ ግራፍ ብቻ ይጠይቃል፤ በሁለት ወይም በአምስት የሚዘለው ሦስተኛ ክፍል ነው የሚመጣው። ልጃችሁ ቀድሞ ቢደናገር አትቆጡት።

ወርክሺት የምታዘጋጁ መምህራን፣ እባካችሁ "አንድ ፊት = 2 ተማሪ" የምትለዋን መስመር ከሥዕሉ በላይ፣ በደማቁ ጻፉልን።