ተከታይ ብዛት አያጋባም፦ ስለ ጋራ ማስተዋወቅ የሚታመነውና እውነታው

የሀበሻ ቀሚስ ቤት ያላት ሴትና የሙሽራ ጸጉርና ሜካፕ የምትሠራ ሴት አንድ ደንበኛ ይጋራሉ እንጂ ገበያ አይሻሙም። ስለዚህ «አንቺ የእኔን ለጥፊ፣ እኔም ያንቺን እለጥፋለሁ» ተባብሎ መስማማት ቀላል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፖስተር ይለዋወጡና በአንድ ቀን ይለጥፋሉ፤ ሳምንት ሳይሞላ «ምንም አላመጣም» ብለው ይተዉታል። በእርግጥም አላመጣም። ጥፋቱ ግን ያለው ሲጀምሩ እውነት ብለው በያዟቸው ጥቂት ነገሮች ላይ ነው።

«ብዙ ተከታይ ያላትን መምረጥ ነው»

በቲክቶክ 40,000 ተከታይ ያላት ሜካፕ ሠሪ አለች እንበል። ከሚከተሏት ውስጥ ብዙዎቹ ሙያውን መማር የሚፈልጉ ወጣቶች ናቸው፤ ሌሎቹ ለመዝናናት የሚያዩ፣ አንዳንዶቹም አዲስ አበባ የማይኖሩ ናቸው። በሌላ በኩል 2,500 አባላት ብቻ ያሉት የቴሌግራም ቻናል ያላት የሰፈር ጸጉር ቤት አለች። የእሷ አባላት ዋጋ ለመጠየቅና ቀጠሮ ለመያዝ የገቡ ሰዎች ናቸው። ለቀሚስ ቤቷ የምትጠቅመው ሁለተኛዋ ናት።

ከብዛቱ በላይ የሚወስነው ግን ሙሽራዋ መጀመሪያ ማን ጋ ትመጣለች የሚለው ነው። ቀሚስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሸማኔው ይሸምናል፣ ጥልፉ ይጠለፋል፣ ልኬት ይስተካከላል። ስለዚህ ጠንቃቃዋ ሙሽራ ቀሚስ ቤት የምትደርሰው ከሠርጉ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብላ ነው። ጸጉርና ሜካፕ የምትይዘው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። ቀሚስ ቤቷ እንግዲህ ለልኬት የመጣችውን ሙሽራ በቀጥታ ወደ ጸጉር ቤቷ መምራት ትችላለች። ጸጉር ቤቷ ግን ወንበሯ ላይ የተቀመጠችውን ሙሽራ መልሳ ወደ ቀሚስ ቤት ልትልክ አትችልም፤ ቀሚሱ ተሰፍቶ አልቋል። ከጸጉር ቤቷ በኩል የሚመጡት የተሞሸረችውን ሴት ፎቶ የሚያዩት ሚዜዎች፣ እህቶችና የሚቀጥለው ወቅት ሙሽሮች ናቸው።

ይህን አስቀድሞ አለመነጋገር ብዙ ሽርክና ያፈርሳል። ቀሚስ ቤቷ «እኔ ሦስት ሙሽራ ላክሁላት፣ እሷ አንድም አልላከችልኝ» ብላ ታኮርፋለች። አልተካደችም፤ የእሷ ድርሻ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ጸጉር ቤቷ ጥቅሟን በሳምንታት ውስጥ ስታይ፣ ቀሚስ ቤቷ እስከሚቀጥለው የሠርግ ወቅት ልትጠብቅ ትችላለች።

«በጾም ሰው አይገዛም»

ለምግብ ቤት ይህ አባባል ትንሽ እውነት ይኖረው ይሆናል። ለሠርግ ሥራ ግን የተገለበጠ ነው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ከኅዳር 15 እስከ ገና ባለው ጾመ ነቢያት ሠርግ አይደገስም፤ ሠርጉ ጥር ላይ ይከማቻል። የጥር ሙሽራ ቀሚሷን የምታዘው ታዲያ መቼ ነው? በዚያው ጾም ውስጥ ወይም ከዚያ ቀደም ብላ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀናትም ከፋሲካ በኋላ ለሚደረጉት ሠርጎች እንዲሁ የማዘዣ ጊዜ ናቸው። ስለዚህ ስለ ቀሚሱ የሚነገረው መልእክት በጸጉር ቤቷ ቻናል ላይ ኅዳር መጀመሪያ ላይ መውጣት አለበት። የጸጉር ቤቷ መልእክት ደግሞ በቀሚስ ቤቷ ቻናል ላይ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቢወጣ ይደርሳል። ሁለቱን በአንድ ቀን መለጠፍ ከሁለቱ አንዱን ያለ ጊዜው ማውጣት ነው።

«አንድ ፖስተር ሁለታችንም ብንለጥፍ ይበቃል»

ሁለት ሎጎና ሁለት ስልክ ቁጥር ያለበት ፖስተር ማንንም አያስቆምም። የሚያስቆመው ሁለቱ ሙያዎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚፈጠረው ችግር ነው፤ ያንን ደግሞ ከሁለቱ ሴቶች በላይ የሚያውቅ የለም።

የመልስ ቀን ቀሚስን እንውሰድ። ቀሚሱ ዚፕ ከሌለውና አንገቱ ጠባብ ከሆነ በራስ በኩል ይጠለቃል፤ ሰዓታት የወሰደው የጸጉር ሥራ በደቂቃ ይበላሻል፣ ፋውንዴሽኑም ነጩ አንገት ላይ ያርፋል። ጥልፉ አንገትና ትከሻ ላይ ከሆነ የተለቀቀ ጸጉር ሙሽራዋ ብዙ የከፈለችበትን ሥራ ይሸፍንባታል። ሹሩባ ከታሰበ ደግሞ ሙሽራዋ በስንት ሰዓት እንደምትለብስ ቀድሞ መታወቅ አለበት።

ከዚህ ሦስት ልጥፍ ይወጣል። በመጀመሪያው ጸጉር ሠሪዋ በራሷ ቻናል፣ በራሷ አነጋገር፣ «ቀሚስሽን ስታዢ ዚፕ ከኋላ ይኑረው፤ አለዚያ ጸጉርሽን ሁለቴ ልሠራ ነው» ትላለች፤ እንዲህ አድርጋ የምትሰፋውንም ቀሚስ ቤት ትጠቁማለች። ከሳምንታት በኋላ ቀሚስ ቤቷ ሦስት ዓይነት አንገት አሳይታ ለየትኛው የትኛው ጸጉር እንደሚስማማ ታሳያለች፤ ጸጉሩን የሠራችው ጓደኛዋ ናት። ሦስተኛው ብቻ ነው ዋጋና የመጨረሻ ቀን የሚጠራው። እያንዳንዷ የምትናገረው ለራሷ ደንበኛ ስለሆነ ጽሑፉ መገልበጥ የለበትም። ኢንስታግራም ላይ ግን አንዱን ልጥፍ በ Invite collaborator ለሁለቱም ገጽ ማጋራት ይቻላል፤ ተጋባዧ ከተቀበለች በሁለቱም ስም ይወጣል፣ አስተያየቱም አንድ ቦታ ይሰበሰባል።

«እይታው ብዙ ነው፣ ሠርቷል»

እይታ ማን እንደገዛ አይናገርም። በቴሌግራም የቻናል ባለቤት Invite Links ውስጥ ገብታ የተለየ ሊንክ ማውጣትና ስም መስጠት ትችላለች፤ በዚያ ሊንክ ስንት ሰው እንደገባ ለብቻው ይቆጠራል። ለጸጉር ቤቷ ልጥፍ የራሱ ሊንክ ይውጣለት። የሚደውሉ ግን ሊንክ ስለማይጫኑ፣ ስልክ የምታነሳው ልጅ «ማን ነገረሽ?» ብላ ጠይቃ ደብተር ላይ ታስፍር።

ለምሳሌ ልጥፉን 900 ሰው አይቶት፣ 30 በሊንኩ ገብተው፣ 8 ዋጋ ጠይቀው፣ 2 አዘዙ እንበል። 900ውን ብቻ ያየች ትኮራለች፤ 2ቱን ብቻ ያየች ታዝናለች። ጠቃሚው ሰዉ የቀረበት ቦታ ነው። ገብተው ካልጠየቁ ቻናሉ ውስጥ ያዩት ነገር አልያዛቸውም፤ ብዙ ጊዜ የተሰፋው ቀሚስ ፎቶ ጥቂት ነው ወይም መነሻ ዋጋ አልተጻፈም። ጠይቀው ካልገዙ ችግሩ ዋጋው ወይም መልሱ የዘገየበት ሰዓት ነው። ይህ ደግሞ የጸጉር ቤቷ ጥፋት አይደለም።

«ለሚተዋወቅ ሰው ውል አያስፈልግም»

ጠበቃ አያስፈልግም፤ በቴሌግራም የተጻፈ አንድ መልእክት ይበቃል። ማን ምን በስንት ቀን እንደሚለጥፍ ይጻፍ። የሙሽራዋን ፎቶ ለማውጣት ፈቃዷን የምትጠይቀው ማን እንደሆነችም እንዲሁ፤ ለጸጉር ቤቷ የተሰጠ ፈቃድ ቀሚስ ቤቷን አይጨምርም። የደንበኛ ስልክ ዝርዝር መለዋወጥ ግን ውስጡ አይግባ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ሕጋዊ ጣጣ አለው፤ ሙሽራዋም የማታውቀው ሰው ሲደውልላት የምትጠረጥረው ቁጥሯን የሰጠቻትን ነው። ቅናሽ ካለ ከማን ኪስ እንደሚወጣም ይወሰን፤ «በእሷ በኩል ለሚመጣ 10 በመቶ» ብላ የለጠፈችው ጸጉር ቤቷ ብትሆንም፣ ቀሚሱን በቅናሽ የምትሸጠው ሌላዋ ናትና።