ሳሙና የጠጣ ስፖንጅ ንጹሕ ነው?

የበዓል ዋዜማ ነው። እቴቴ የዶሮዎቹን ብልት አውጥታ በሎሚና በጨው እያጠበች ነው። ልጇ መክተፊያውን በቢጫዋ ስፖንጅ አሸት አሸት አድርጋ አለቀለቀችው፤ በዚያችው ስፖንጅ ጠረጴዛውን ወለወለችና ጨመቅ አድርጋ ከቧንቧው ሥር አስቀመጠቻት። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሰላጣው ጎድጓዳ ሳህን በዚያችው ስፖንጅ ታጠበ። ‹‹እቴቴ፣ ይቺን ስፖንጅ ብንቀይራትስ?›› ብላት፣ ‹‹ምን ሆነች? ቀኑን ሙሉ ሳሙና ውስጥ አይደል እንዴ የምትውለው!›› አለችኝ።

ዶሮ ወጡ አያሳስብም። ለሰዓታት ሲንተከተክ ስለሚውል ከሥጋው ጋር የመጣ ጀርም አይተርፍም። ሰላጣው ግን እሳት አያይም። ጥሬ ዶሮ ላይ በብዛት የሚገኙት ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉት ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያዎች ቤተሰቡ ሆድ የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ በድስቱ ሳይሆን በዚህ በጎን በኩል ባለው መንገድ ነው፤ ከመክተፊያ ወደ ስፖንጅ፣ ከስፖንጅ ወደ ሰላጣ ሳህን።

‹‹ሳሙና ስላለበት ጀርም አይቀመጥበትም››

ሳሙና ዋና ሥራው መግደል አይደለም። ቅባቱንና ቅባቱ ላይ የተጣበቀውን ጀርም ከዕቃው ያላቅቃል፤ ጠርጎ የሚወስደው ውሃ ነው። ሳህን ለስላሳ ስለሆነ ውሃው ሁሉንም ይዞት ይሄዳል። ስፖንጅ ግን መላ አካሉ ቀዳዳ ነው። የምግብ ፍርፋሪና ቅባት ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ እርጥበቱ ሳይደርቅ ያድራል፣ ወጥ ቤቱ ደግሞ ሞቃት ነው። ባክቴሪያ ለመራባት ከዚህ የበለጠ አይፈልግም።

ሒሳቡን እንሥራው። ማታ 2 ሰዓት ላይ እርጥቧ ስፖንጅ ውስጥ 100 ባክቴሪያ ቀረ እንበል። ሁኔታው ከተመቸው ባክቴሪያ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚህ ፍጥነት ከሄደ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ከ100 ሺህ ያልፋል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለቁርስ ዕቃ ስናነሳት ደግሞ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ስፖንጇ ብትደርቅ ኖሮ ይህ እጥፍ እጥፍ የሚለው ጉዞ ገና ከመጀመሩ በቆመ ነበር። በኖርዌይና በፖርቱጋል የተሠራ አንድ ጥናት ያሳየውም ይህንኑ ነው። ሳልሞኔላ የተጨመረበት የዕቃ ማጠቢያ ብሩሽ አድሮ ሲደርቅ ባክቴሪያው በእጅጉ ሲመናመን፣ ስፖንጁ ላይ ያለው ግን አልተነካም። እቴቴ ድሮ ዕቃ የምታጥብበት የሽንኩርት መረብ ጆንያ ቁራጭ ትዝ አለኝ። በሷ ዘመን ‹‹የድሃ ስፖንጅ›› ይባል ነበር፤ ግን ስስ ስለሆነ እያየነው ይደርቅ ነበር።

‹‹አፍልቼዋለሁ፣ እንደ አዲስ ሆኗል››

እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጀርመን ፉርትቫንገን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከየቤቱ የተሰበሰቡ 14 ያገለገሉ ስፖንጆችን መርምረው ነበር። በአንዳንዱ ስፖንጅ ውስጥ፣ ጎኗ አንድ ሴንቲሜትር በሆነች ቁራጭ፣ እስከ 50 ቢሊዮን ባክቴሪያ ተቆጠረ። ባለቤቶቻቸው በየጊዜው እናጸዳቸዋለን ያሏቸውም ከሌሎቹ ያነሰ ባክቴሪያ አልነበራቸውም። ይህን ያዩ ጋዜጦች ‹‹ማፍላት ዋጋ የለውም፣ እንዲያውም ያባብሳል›› ብለው ጻፉ። እኔ ግን ጥናቱ ያን ያህል አይልም ባይ ነኝ። ስፖንጆቹ 14 ብቻ ናቸው፤ እንዴትና መቼ እንደጸዱ የታወቀው ከባለቤቶቹ አፍ ነው፤ የተገኙት ባክቴሪያዎችም አብዛኞቹ ጤነኛ ሰው የማያሳምሙ ናቸው።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያደረጉት ሙከራ ሌላውን ገጽ ያሳያል። ሆን ተብለው በተፈጨ ሥጋ የተበከሉ ስፖንጆችን ማይክሮዌቭ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ሲያስገቧቸው ባክቴሪያው ከሞላ ጎደል አለቀ። በበረኪና ወይም በሎሚ ጭማቂ የተነከሩት ላይ ግን የሞተው ከ37 እስከ 87 በመቶ ብቻ ነበር።

ሁለቱን አንድ ላይ ስናያቸው የሚጣሉ አይደሉም። ሙቀት ይገድላል፤ ነገር ግን ቀዳዳው ውስጥ የተረፉት ጥቂቶች ምግቡም እርጥበቱም እዚያው ስለሚጠብቃቸው ቶሎ ይሞሉታል። ማፍላት የሚጠቅመው ለዚያ ቀን ነው፤ ያረጀ ስፖንጅን ወጣት አያደርግም። የሚያፈላ ሰው ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 5 ደቂቃ ይቁጠር። ማይክሮዌቭ ያለው ደግሞ ስፖንጁን ውሃ አጠጥቶ ያስገባ፤ ደረቅ ስፖንጅ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ሽቦ ያለበት ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

በረኪናም ቢሆን ደካማ የሚሆነው ቅባትና ፍርፋሪ ሲያገኘው ነው፤ ጉልበቱን እዚያ ላይ ይጨርሳል። ስለዚህ የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅን መጀመሪያ በሳሙና አጥቦ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ 50 ሚሊ ሊትር ያህል (አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ) ተራ የቤት በረኪና ጨምሮ 5 ደቂቃ መንከር፣ በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ‹‹ይበርታልኝ›› ብሎ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ መቀላቀል ግን መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ በጭራሽ አይደረግም።

‹‹ካልሸተተ ደህና ነው››

ሽታው የሚመጣው በአብዛኛው ሞራክሴላን ከመሰሉ ባክቴሪያዎች ነው፤ ጨርቅ ውስጥ ያንን እርጥብ እርጥብ የሚል ክርፋት የሚያመጡ ናቸው፣ እምብዛም አያሳምሙም። ሳልሞኔላ ደግሞ ሽታ የለውም። ስለዚህ የሸተተ ስፖንጅ መጣል ያለበት ነው፤ ያልሸተተው ግን ስለ ንጽሕናው ምንም አልነገረንም።

‹‹ፎጣው የታጠበ ዕቃ ብቻ ነው የሚነካው››

የትኛው ቤት ነው? በኛ ቤት ያው ፎጣ ድስት ያወርዳል፣ እጅ ያደርቃል፣ የሕፃን አፍ ይጠርጋል። የሞሪሺየስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ወር ያገለገሉ 100 የወጥ ቤት ፎጣዎች መርምረው 49ኙ ላይ ባክቴሪያ በቅሎ አገኙ። ለብዙ ሥራ የሚውሉትና እርጥብ የሚቆዩት፣ ሥጋ የሚበላባቸውና ብዙ ሰው ያለባቸው ቤቶች ፎጣዎች የባሱ ነበሩ። መፍትሔው የእጅ ፎጣን ከዕቃ ፎጣ መለየት ነው፤ ለየት ባለ ቀለም ከሆነ እንግዳም አይሳሳትም።

ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሠፈር ‹‹በየቀኑ እጠቡ›› ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሁሉንም ማድረግ ካልተቻለ ቅድሚያውን እንዲህ ብናደርገው ይሻላል። ጥሬ ሥጋ ወይም ዶሮ የነካውን ጨርቅ ያኔውኑ ከሌላው መለየትና ሳይፈላ ወይም ሳይታጠብ ለሌላ ዕቃ አለመጠቀም፤ የቀረውን ሁሉ ደግሞ ማታ ጨምቆ አየር በሚያገኝበት መስቀል። ውሃ ካለ የዕቃ ማጠቢያና መወልወያ ጨርቅ በየቀኑ፣ ፎጣ በየአንድ ሁለት ቀኑ ይቀየር፤ እጥበቱ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ውሃ ቢሆንና ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ጥሩ ነው። ስፖንጅ ግን ሳምንት ወይም ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው ዕድሜው። ቤት ውስጥ ጨቅላ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አቅመ ደካማ አዛውንት ካለ በሳምንቱ ይቀየር።

እቴቴ ‹‹በየሳምንቱ ስፖንጅ መጣል ብክነት ነው›› ብላ ተሟገተችኝ። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ያገኘችው መላ የራሷ ነው። እሑድ እሑድ አሮጌዋን ስፖንጅ አንድ ጥጓን በመቀስ ትቆርጣታለች። ጥጓ የተቆረጠች ስፖንጅ የመታጠቢያ ቤት እንጂ የሳህን አይደለችም፤ ልጆቹም ሳይቀሩ ያውቋታል።